«ሴሩቭ» ያለው ማን ነው? የካርድ መልእክት ከኩፓ ወጥቶ እስኪመለስ

(የድምፅ ዝግጅቱ ሙሉ ጽሑፍ)

ዛሬ የማወራላችሁ ስለ ካርድ ማሽን ነው። ያው ኩፓው ላይ ያለው፣ ካርዳችንን ወይም ስልካችንን የምናስጠጋበት፣ «ማሶፎን» የምንለው። እኔ ሥራዬ ከሱ ጋር ነው። በኪርያት ማላኪ፣ በጌዴራና በያቭኔ ባሉ ሱቆች እየዞርኩ ማሽን እተክላለሁ፣ የተበላሸውን አያለሁ።

ሰው ግን ስለ ማሽኑ አይደለም የሚጠይቀኝ። «ገንዘብ አለኝ እኮ፣ ለምን እምቢ አለኝ?» ነው የሚለኝ። በተለይ እናቶቻችን። ማሽኑ ላይ «ሴሩቭ» የሚል ጽሑፍ ሲወጣ፣ ከኋላ ሰልፍ ቆሟል፣ ልጅ እጅ ይጎትታል፣ ገንዘብ ተቀባይዋ «ሌላ ካርድ አለሽ?» ትላለች። ያኔ ሰው አንገቱን ይደፋል። ሁሉም «ገንዘብ የላትም» ብሎ ያሰበ ይመስላታል። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ አጠገብ ቆማችሁ ያስተረጎማችሁ ትኖራላችሁ። ኩፓ ላይ ቁጭ ብላችሁ የምትሠሩም አላችሁ፤ እናንተ ደግሞ ያንን ቃል ጮክ ብላችሁ የምትናገሩት ናችሁ።

ስለዚህ ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ግልጽ ማድረግ እፈልጋለሁ። ካርዱን ካስጠጋን በኋላ ሦስት ዓይነት ውጤት አለ። አንደኛው «እሺ» ነው። ሁለተኛው «እምቢ» ነው። ሦስተኛው ዝምታ ነው፤ መልሱ ሳይመጣ ሲቀር። ሦስቱም ከተለያየ ቦታ ነው የሚመጡት። ከየት እንደመጣ ካወቅን ምን ማድረግ እንዳለብን እናውቃለን።

ማሽኑ የሚጽፈው ደብዳቤ

አንድ ምሳሌ እንያዝና እስከ መጨረሻው አብረን እንሂድ። ሰውየዋ የፈጠርኳት ናት፣ ነገሩ ግን በየቀኑ የሚሆን ነው። አንዲት እናት ኪርያት ማላኪ ውስጥ ዕቃ ገዛች፣ ሂሳቡ 143 ሼቄል ከ60 አጎሮት ሆነ። ካርዷን አስጠጋች።

መጀመሪያ የሚሆነው ነገር ማሽኑና ካርዱ ማውራታቸው ነው። በካርዱ ላይ ያቺ ወርቃማ ነገር፣ ቺፗ፣ ትንሽ ኮምፒውተር ናት። ባትሪ የላትም፤ ኃይሏን የምታገኘው ከማሽኑ ነው። ለዚህ ነው ካርዱን ቶሎ ስናነሳው «እንደገና ሞክር» የሚለው፤ ንግግሩ ሳያልቅ መብራቱን እንዳጠፋን ማለት ነው። ይህ እምቢታ አይደለም። መልእክቱ ገና ከሱቁ አልወጣም።

ንግግሩ ካለቀ ማሽኑ አንድ ደብዳቤ ይጽፋል። እንደ ሰው ደብዳቤ «ለውድ» ብሎ አይጀምርም። እያንዳንዱ ነገር ቁጥር የተሰጠው ቦታ አለው። በዓለም ላይ የካርድ መልእክቶች የሚጻፉበት የታወቀ መልክ አለ፣ ISO 8583 ይባላል፣ መጀመሪያ የወጣው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። እዚህ እስራኤል ማሽኖቻችን «አሽራይት» የሚባል የራሳቸው ፕሮግራም አላቸው፣ ሐሳቡ ግን ያው ነው። በድምፅ ለምትሰሙኝ አነብላችኋለሁ፣ ገጹ ላይ ለምታነቡ ደግሞ ዋና ዋናዎቹን መስመሮች ይኸው፦

```
0100
2   ************1234
4   000000014360
11  000217
49  376
```

0100 ማለት «ፈቃድ እጠይቃለሁ» ማለት ነው። ቦታ 2 ላይ የካርዱ ቁጥር አለ፤ እኔ ሸፍኜዋለሁ። ቦታ 4 ሂሳቡ ነው። ልብ በሉ፣ ነጥብ የለውም። 143.60 ሼቄል የተጻፈው በአጎሮት ነው፣ 14360 ተብሎ፣ ፊቱ በዜሮ እየተሞላ 12 አሃዝ እስኪሆን። ቦታ 11 የመልእክቱ ተራ ቁጥር ነው፤ በኋላ እንመለስበታለን፣ በጣም ይጠቅመናል። ቦታ 49 የገንዘቡ ዓይነት ነው፤ 376 የእስራኤል ሼቄል ነው። የኢትዮጵያ ብር ቢሆን 230 ይሆን ነበር።

አሁን፣ ማንም ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ መጻፍ ከቻለ ምን ይከለክለዋል? የእናታችንን የካርድ ቁጥር የሰረቀ ሰው ራሱ ጽፎ ቢልክስ? ለዚህ ነው ቺፗ ያለችው። ቺፗ ውስጥ አንድ ሚስጥራዊ ቁልፍ አለ፣ ከውስጧ አይወጣም፣ ማሽኑም አያየውም። ቺፗ ሂሳቡን፣ ቀኑን፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደተሠራባትና ሌሎች ጥቂት ነገሮችን ወስዳ በዚያ ቁልፍ አንድ ማኅተም ትሠራለች። የድሮ ሰው ደብዳቤ ሲልክ ማኅተሙን አትሞ እንደሚልከው ነው። ልዩነቱ፣ የድሮ ማኅተም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ የቺፗ ማኅተም ግን በየግዢው አዲስ ነው። የዛሬውን ቢሰርቁት ለነገ አይሠራም። ጥቁሩ መስመር፣ በድሮ ጊዜ የምንፍቀው፣ ይህ አልነበረውም። ሁልጊዜ አንድ ነገር ነበር የሚናገረው፣ ስለዚህ መገልበጡ ቀላል ነበር።

መንገዱ

ደብዳቤው ተጻፈ። ወዴት ይሄዳል? ብዙ ሰው ወደ ባንክ የሚሄድ ይመስለዋል። በቀጥታ አይደለም።

ከማሽኑ በሱቁ ኢንተርኔት ወይም በውስጡ ባለው ሲም ካርድ ይወጣል። አንዳንድ ሱቅ በመሀል አገልግሎት የሚሰጥ ኩባንያ አለው፤ ገንዘብ መቀበያውንና የካርዱን መንገድ የሚያገናኝ በር በሉት። ከዚያ ወደ «ሽቫ» ይደርሳል። ሽቫ በእስራኤል የካርድ መልእክቶች የሚያልፉበት መስቀለኛ መንገድ ነው። ሽቫ የካርዱን ቁጥር መጀመሪያ ያያል። የመጀመሪያዎቹ አሃዞች ካርዱን ማን እንዳወጣው ይናገራሉ፦ ኢስራካርድ ነው? ካል ነው? ማክስ ነው? እንደዚያው አይቶ ደብዳቤውን ወደ ባለቤቱ ያሳልፋል። ከውጭ አገር የመጣ ካርድ ከሆነ ደግሞ በቪዛ ወይም በማስተርካርድ መንገድ ወደ ወጣበት አገር ይሄዳል።

እና ይህ ሁሉ በሁለት፣ በሦስት ሰከንድ ውስጥ እንዴት ያልቃል? እዚህ ላይ ሰው የሚገርመው ነገር አለ። ርቀቱ ምንም ጊዜ አይወስድም። ብርሃን በፋይበር ሽቦ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ኮምፒውተሩ ከኪርያት ማላኪ 100 ኪሎ ሜትር ርቆ ቢሆን እንኳ ደርሶ መልሱ የሰከንድ አንድ ሺኛ ነው፣ ዓይን ከመጨፈን በጣም ያነሰ። ጊዜው የሚሄደው ሌላ ቦታ ነው። ቺፗና ማሽኑ ሲነጋገሩ ይሄዳል። ማሽኑ ደካማ የስልክ መስመር ሲፈልግ ይሄዳል። በየጣቢያው ደብዳቤው ሲከፈት፣ ሲመረመር፣ ተመልሶ ሲታሸግ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ሱቅ ውስጥ ሁልጊዜ የሚያዘገይ ማሽን ካያችሁ መጀመሪያ የሱቁን መስመር ጠርጥሩ። እኔ በሥራዬ ማሽኑን ከብረት መደርደሪያ ሥር አውጥቼ ወደ መስኮት ሳስጠጋው ብቻ ነገሩ የተስተካከለበት ጊዜ ብዙ ነው።

እሺ ወይም እምቢ የሚለው

ደብዳቤው ካርዱን ያወጣው ኩባንያ ዘንድ ደረሰ። ውሳኔው እዚህ ነው። ሱቁ አይወስንም፣ ገንዘብ ተቀባይዋ አትወስንም፣ ሽቫም ያሳልፋል እንጂ ስለ እናታችን ገንዘብ የሚያውቀው ነገር የለም።

ኩባንያው መጀመሪያ ማኅተሙን ያያል። እሱም ያንን ቁልፍ የማስላት መብት አለው፣ ስለዚህ ማኅተሙን ራሱ ሠርቶ ያስተያያል። ከተመሳሰለ ካርዱ እውነተኛ ነው። ቀጥሎ ካርዱ ጠፋ ወይም ተሰረቀ ተብሎ ተዘግቶ እንደሆነ ያያል። ቀጥሎ ነገሩ እንግዳ ነው ወይ ብሎ ይመዝናል፤ ጧት ያቭኔ የገዛ ካርድ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሌላ አገር ከታየ ይጠረጥራል። መጨረሻ ላይ ገንዘቡን ያያል።

ገንዘቡን ሲያይ ግን የሚያየው የባንክ ሂሳቧን ላይሆን ይችላል! ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በእስራኤል አብዛኛው ካርድ ወር ጠብቆ የሚቆርጥ ነው። ኩባንያው ለእያንዳንዱ ካርድ «ሚስጌሬት» የሚባል ጣሪያ ያስቀምጣል።

ወደ እናታችን እንመለስ። ሚስጌሬቷ 6,000 ሼቄል ነው እንበል። ካርዷ የሚቆረጠው በወሩ 10ኛ ቀን ነው። ዛሬ 8ኛው ቀን ነው። ካለፈው ጊዜ ወዲህ በካርዱ 5,890 ሼቄል ወጥቷል፤ የልጆች መጻሕፍት ነበረ፣ ጥርስ ሐኪም ነበረ። ስለዚህ የቀረው 110 ሼቄል ነው። እሷ የጠየቀችው 143.60 ነው። መልሱ እምቢ ነው። በዚያች ሰዓት ባንክ ውስጥ ስምንት ሺህ ሼቄል ሊኖራት ይችላል! «ገንዘብ አለኝ እኮ» ስትል እውነቷን ነው። ኩባንያውም ጣሪያዋ ሞልቷል ሲል እውነቱን ነው። ሁለቱ የሚያወሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ነው። ከሁለት ቀን በኋላ 10ኛው ቀን ሲደርስና ክፍያው ከባንክ ሲወጣ፣ ያው ካርድ ያንኑ ዕቃ ይገዛል።

ካርዱ «ዴቢት» ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። እሱ ወር አይጠብቅም፤ የሚታየው በዚያች ቅጽበት ባንክ ውስጥ ያለው ነው። ስለዚህ እናታችሁን ወይም አባታችሁን ስትረዱ መጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ «ካርዱ የትኛው ዓይነት ነው?» የሚለው ይሁን።

የመልሱ ቁጥር

ኩባንያው ወሰነ። መልሱ 0110 ተብሎ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ከ0100 ጋር አስተያዩት፤ ሦስተኛዋ አሃዝ ብቻ ተለውጣ «ጥያቄ» የነበረው «መልስ» ሆነ። መልሱ ውስጥ አንድ አጭር ኮድ አለ። በዓለም አቀፉ መልክ 00 ማለት እሺ ነው፣ 51 ማለት የሚበቃ ገንዘብ የለም፣ 54 ማለት ካርዱ ጊዜው አልፏል፣ 91 ማለት ካርዱን ያወጣው ኩባንያ አልተገኘም ነው።

እዚህ አገር ኩፓ ላይ የምታዩት ግን ብዙ ጊዜ ባለ ሦስት አሃዙ የሽቫ ኮድ ነው። 000 እሺ ነው። 004 ደግሞ ያ የምናውቀው «ሴሩቭ» ነው። 003 «ወደ ካርድ ኩባንያው ደውሉ» ማለት ነው። 036 ካርዱ ጊዜው አልፏል ማለት ነው። 001 ካርዱ ታግዷል ማለት ነው።

004ን ተመልከቱት። ምክንያት አይናገርም። ጣሪያ ሞልቶ ይሁን፣ ጥርጣሬ ይሁን፣ ሌላ ይሁን፣ ኩፓ ላይ የሚታየው ያው 004 ነው። ይህ ደግሞ ተገቢ ነው። የአንድ ሰው የገንዘብ ነገር የሱቅ ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ ኩፓ ላይ የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ 004 አይታችሁ «ገንዘብ የለሽም» ብትሉ የማታውቁትን ነገር ነው የተናገራችሁት። «ካርዱ አሁን አልተፈቀደም፣ ምክንያቱን የካርድ ኩባንያው ያውቃል» በሉ። ይህች አንድ አረፍተ ነገር ሰው ፊት አታሳፍርም፣ እውነትም ናት።

ካርዱ የእናንተ ወይም የእናታችሁ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱን የሚያውቀው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ካርዱ ጀርባ ላይ ያለው ስልክ ቁጥር። ሱቁ ጋር መጨቃጨቅ አይጠቅምም። ባንክ መሄድም ብዙ ጊዜ አይጠቅምም፤ ባንኩ «ሂሳብሽ ደህና ነው» ይላችኋል፣ እናንተም ይበልጥ ግራ ትጋባላችሁ። ደውሉና «004 አግኝቻለሁ፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ይህን ያህል ሼቄል» በሉ። እነሱ የውሳኔውን መዝገብ ያዩታል። የጥርጣሬ ከሆነ «ግዢው የእኔ ነው» ስትሉ ይከፍቱታል። የሚስጌሬት ከሆነ ስንት እንደቀረ ይነግሯችኋል።

ዝምታ

አሁን ወደ ሦስተኛው መጣን። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው። «እሺ» ግልጽ ነው። «እምቢ» ያሳዝናል ግን ግልጽ ነው። ዝምታ ግን ግልጽ አይደለም።

ማሽኑ ደብዳቤውን ልኮ ይጠብቃል። የተወሰነ ጊዜ አለው፣ ካለፈ «ግንኙነት የለም» ብሎ ያቆማል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ደብዳቤው የጠፋው ሲሄድ ይሁን ሲመለስ ማሽኑ አያውቅም። ሲሄድ ከጠፋ ኩባንያው ምንም አልሰማም፣ ምንም አልተነካም። ሲመለስ ከጠፋ ግን ኩባንያው «እሺ» ብሏል፣ 143.60ውን ከጣሪያው ላይ ቀንሶ ይዟል፣ ሱቁ ግን አልሰማም። አንዱ ሸጥኩ አይልም፣ ሌላው ተገዝቷል ብሎ ያስባል።

ለዚህ መድኃኒት አለው። ማሽኑ መልስ ሳያገኝ ከቀረ ሌላ ደብዳቤ ይልካል፣ የመሻሪያ ደብዳቤ። በዓለም አቀፉ መልክ 0400 ወይም 0420 ነው። «በፊት የላክሁት ተራ ቁጥር 000217 ያለው ነገር ይሰረዝ» ይላል። ያ ቦታ 11 የጠቀመን አሁን ነው፤ የትኛው ግዢ እንደሆነ የሚለየው ከሌሎቹ መለያዎች ጋር እሱ ነው። ያለ እሱ ሁለት ጊዜ 143.60 የገዛ ሰውና አንድ ጊዜ ገዝቶ መስመር የተቋረጠበት ሰው አይለዩም ነበር።

ግን መስመሩ ራሱ ከሞተ የመሻሪያው ደብዳቤም አይሄድም። ማሽኑ ይዞት ይቆይና መስመር ሲመለስ ይልከዋል። በመሀል ገንዘብ ተቀባይዋ «እንደገና አስጠጊ» ካለች፣ አዲስ ደብዳቤ አዲስ ተራ ቁጥር ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛው ቢሳካ እናታችን ስልኳ ላይ ሁለት ጊዜ 143.60 ታያለች። «ሁለት ጊዜ ወሰዱብኝ!» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ የተያዘ ብቻ ነው፣ አልተከፈለም፤ የመሻሪያው ደብዳቤ ሲደርስ ወይም ጊዜው ሲያልፍ ይለቀቃል። ጣሪያው ሊሞላ ለቀረበ ሰው ግን እስኪለቀቅ ድረስ ያ 143.60 ለዳቦ የሚሆነውን ይይዝበታል።

ዝምታ አገር በሙሉ ሲመታ ደግሞ አይታችኋል። ኅዳር 2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 10፣ 2024፣ በመላ እስራኤል በሱቆችና በነዳጅ ማደያዎች የካርድ ማሽኖች ተቋረጡ። የተመታው «ክሬዲትጋርድ» የሚባለው የሃይፕ ኩባንያ አገልግሎት ነበር፤ ያ ቅድም «በር» ያልኳችሁ ዓይነት። ጥቃቱ በአስመሳይ ጥያቄ ብዛት ማጥለቅለቅ ነው። በሩ ላይ ምንም የማይገዛ ሰው ሺህ በሺህ ሆኖ ቢቆም እውነተኛው ገዢ መግባት እንደማይችለው ማለት ነው። አንድ ሰዓት ያህል ቆየ። ከዚያ አንድ ወር ገደማ በፊት ሽቫ ራሱ እንዲሁ ተመትቶ ነበር።

ያን ቀን የማንም ካርድ አልተሰረቀም፣ የማንም ሂሳብ አልጎደለም። ካርዶቹ ደህና ነበሩ፣ ማሽኖቹም ደህና ነበሩ፣ የካርድ ኩባንያዎቹም ቁጭ ብለው ይጠብቁ ነበር። የተዘጋው መንገዱ ነው። ኩፓ ላይ ግን ሰው አንዱን ከአንዱ አይለይም፣ «ካርዴ ተበላሸ» ይላል። መለያው ቀላል ነው፦ ከፊታችሁ ያለው ሰውስ አለፈለት? እሱም ካልተሳካለት፣ የእሱ ካርድ ከሌላ ኩባንያ ከሆነ፣ ችግሩ መንገዱ ላይ ነው። ያን ጊዜ ሌላ ካርድ መሞከር ትርፉ ድካም ነው። ጥሬ ገንዘብ ካለ ክፈሉ፣ ከሌለ ዕቃውን አስቀምጡና ቆይታችሁ ተመለሱ።

«እሺ» ማለትና ገንዘብ መክፈል

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ጥያቄ እሄዳለሁ። «እሺ» ማለት ገንዘቡ ሄደ ማለት አይደለም። «እሺ» ቃል ኪዳን ነው። ሱቁ የቀኑን ግዢዎች ሰብስቦ ወደ ሽቫ መላክ አለበት፣ «ሽዱር» የሚባለው። አብዛኛው ማሽን ማታ ራሱ ይልካል። እኔ የምጠራበት አንዱ ነገር ይህ ነው፦ ባለ ሱቁ «ሦስት ቀን ሸጫለሁ፣ ምንም አልገባልኝም» ይላል። ስሄድ ማሽኑ ማታ ማታ ከመብራት ይነቀላል! ሁሉም ግዢ እሺ ተብሏል፣ ግን ሽዱር አልሄደም። ትንሽ ሱቅ ወይም መጋገሪያ ያላችሁ፣ ወይም ወላጆቻችሁ ያላቸው፣ ጧት ጧት የሽዱሩን ወረቀት እዩ።

ያ ቃል ኪዳን ሲበላሽ ምን እንደሚሆን ደግሞ አገር ቤት አይተናል። መጋቢት 2016 ዓ.ም. ላይ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ለሰዓታት ሰዎች ሂሳባቸው ውስጥ ካለው በላይ ማውጣትና ማዛወር ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ በሌሊት ተሰራጨ፣ ኤቲኤሞች ፊት ሰልፍ ሆነ። ባንኩ ጥቃት አይደለም፣ በራሱ ሥርዓት ላይ ሲሠራ የተፈጠረ ችግር ነው አለ፤ የተወሰደውም 801 ሚሊዮን ብር ገደማ እንደሆነ አሳወቀ። ማሽኖቹ ሥራቸውን ሠርተዋል፤ ጠየቁ፣ «እሺ» የሚል መልስ መጣላቸው፣ ብሩን ሰጡ። የተበላሸው መልሱን የሚሰጠው ወገን ነበር። ከዚያ በኋላ ባንኩ የወሰደውን ሁሉ መልስ አለ። አያችሁ፣ ማሽን «እሺ» ስላለ ገንዘቡ የእኔ ነው ማለት አይደለም። የእያንዳንዱ መልእክት ተራ ቁጥር፣ ሰዓትና ካርድ ተመዝግቧል።

ከአድማጭ የመጣ ጥያቄ

ያቭኔ ውስጥ ኩፓ ላይ የምትሠራ አንዲት እህት እንዲህ ብላ ልካለች፦ «ማሽኑ ተንጠልጥሎ ሲቀርና ደንበኛዋ "ስልኬ ላይ ወጥቷል፣ ከፍያለሁ" ስትለኝ ምን ላድርግ? ዕቃውን ብሰጣት አለቃዬ ይቆጣል፣ ባልሰጣት ሴትዮዋ ታለቅሳለች።»

እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። እሷም እውነቷን ነው፣ አንቺም እውነትሽን ነው። ስልኳ ላይ የወጣው ካርድ ኩባንያው «እሺ» ማለቱን ነው የሚያሳየው፤ ያ «እሺ» አንቺ ጋ መድረሱን አያሳይም። ስለዚህ እንደገና አታስነኪያት። መጀመሪያ ማሽኑ ላይ «የመጨረሻው ግዢ» የሚለውን አውጪና አትሚው። የፈቃድ ቁጥር፣ «ሚስፓር ኢሹር»፣ ያለበት ወረቀት ከወጣ ግዢው አልቋል፣ ዕቃውን ስጫት። ማሽኑ ግዢውን ካላወቀው ወይም «ተሰርዟል» ካለ ግን ለሱቁ አልደረሰም፤ እንደገና ማስከፈል ትችያለሽ። ያልተሳካውን ወረቀት፣ ሰዓቱ ያለበትን፣ ለእሷ ስጫት። በኋላ ሁለት ጊዜ ቢታያት ያንን ይዛ ለካርድ ኩባንያው ትደውላለች፣ እነሱም በሰዓቱና በሂሳቡ ፈልገው ያገኙታል። ወረቀት ከሌላት ግን የምትናገረው «ባለፈው ሳምንት አንድ ሱቅ» ብቻ ይሆናል፤ በዚያ ማንም አያገኘውም።

ለአለቃሽም ይህንኑ አሳዪው። ዕቃው የሚሰጠው ማሽኑ ላይ የፈቃድ ቁጥር ሲኖር ነው፤ በደንበኛዋ ስልክ አይደለም፣ በእንባም አይደለም፣ በቁጣም አይደለም።

በሚቀጥለው ጊዜ ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁትን አመጣለሁ፤ በታሽሉሚም ስንገዛ ሚስጌሬቱ እንዴት እንደሚቆጠር። እስከዚያው ጥያቄያችሁን ላኩልኝ፣ ከቻላችሁ ከነኮዱ። ሰላም ሁኑ።